ለአዲስ ገቢ ልጆች የማደርገው ንግግር፤ አይታችሁ አስተያየት ስጡኝ

አምበል_7

ሰላም ለሁላችሁም። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ነኝ፣ አስራ አንደኛ ክፍል። ዘንድሮ ከዘጠነኛ ክፍል ስምንት ልጆች ተመዝግበዋል። ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያ ልምምዳቸው ነው። የስፖርት መምህራችን «አንቺ ተቀበያቸው፣ እኔ ዳር ሆኜ አያለሁ» ብለውኛል።

ሲመዘገቡ አየኋቸው። አንዷ ስሟን ስጠይቃት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምጽ አልወጣም፣ ጓደኛዋ ናት የነገረችኝ። ሌሎቹ ከመረቡ ርቀው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። መጫወት ፈልገው መምጣታቸው ያስታውቃል፣ ግን በጣም ፈርተዋል። ማክሰኞ ስምንቱም መጥተው ሐሙስ አራት ብቻ እንዳይመለሱ ስለምፈልግ ንግግሩን ቀድሜ ጻፍኩት። እነሆ፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። አምበላችሁ ነኝ። ኳስ ይዛችሁ የማታውቁ አላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ የተጫወታችሁም አላችሁ። ዛሬ ሁላችሁም እኩል ናችሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ ኳስ መምታት የለም፣ መቀበል ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ክንዳችሁ ይቀላል፣ ያቃጥላችኋል። ያልፋል። ኳስ ይወድቅባችኋል፣ እኛም ይወድቅብናል። የሚስቅባችሁ ካለ መጥታችሁ ንገሩኝ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኳሱ ወደ እናንተ ሲመጣ ጮክ ብላችሁ ‹የኔ!› በሉ። ዝም ብላ ካነሳችው ልጅ ይልቅ ‹የኔ› ብላ የወደቀባት ልጅ ትበልጥብኛለች።»

ስለ «የኔ» ያልኩት ለወሬ አይደለም። ዓምና በውድድር የተቆጠሩብን ብዙዎቹ ነጥቦች ተጋጣሚ አሳምሮ ስለመታ አልነበረም። ሁለት ልጆች መሐል ኳስ ሲወድቅ ሁለቱም ቆመው እያዩት ነው። ንግግሩ ረዘመ? ምን ልጨምር፣ ምን ላውጣ?

ናቲ_ካዛንቺስ

ንግግርሽ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር አስተካክዪ። በመረብ ኳስ ሕግ ሜዳ ውስጥ የመናገር መብት ያለው አምበል ብቻ ነው። ልጆቹን ጩኹ ብለሽ ካስለመድሻቸው ውድድር ላይ ዳኛው ቢጫ ካርድ ያወጣባቸዋል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንድ ልጅ ብዙ ስለተናገረ ካርድ ወጣበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዝም ብለው መጫወት ይልመዱ።

የሜዳ_መምህር

ናቲ፣ ግማሹ ልክ ነው። ሕጉ ለአምበል ብቻ የሰጠው ዳኛን የማናገር መብት ነው። ያውም ኳስ በጨዋታ ላይ ሳይሆን፣ ዳኛው ውሳኔውን እንዲያብራራ ለመጠየቅ ያህል። እርስ በርስ መነጋገርን የሚከለክል ሕግ የለም፣ እንዲያውም ዝም ያለ ቡድን አይጫወትም። ያየኸው ልጅ ዳኛውን ተናግሮ ወይም ተጋጣሚን ተተናኩሎ ይሆናል።

ልጄ፣ ናቲ ሳያስበው ጥሩ ነገር ሰጥቶሻል። አምበል ማለት ምን እንደሆነ ለልጆቹ ንገሪያቸው። ከደረትሽ ቁጥር ሥር ያለውን መስመር አሳዪያቸው፣ «ይሄ መስመር ዳኛ ቢሳሳት እኔ እንደምናገር ያሳያል፣ እናንተ ስለ ዳኛ አትጨነቁ» በያቸው። የፈራ ልጅ ማን ምን እንደሚሠራለት ሲያውቅ ይረጋጋል።

አሁን ወደ «የኔ» ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። ስሟን መናገር ያቃታትን ልጅ «ጮክ ብለሽ ጩኺ» ማለት ብቻውን አይሠራም። ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛው መቼ የሚለው ነው። ከወዲያኛው መስመር የተመታ የጀማሪ ሰርቭ እናንተ ጋ እስኪደርስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። ጥሪው ኳሱ መረቡን ከማለፉ በፊት መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ «የኔ» ለጓደኛዋ አይጠቅምም፣ እሷ ቀድማ ቆማለች ወይም ቀድማ ሄዳለች። ዳር ቆመሽ ድምጹን ሳይሆን ኳሱን ተመልከቺ፣ መረቡ ላይ ሲደርስ ጥሪ ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም? ልጆቹ የገባቸው መሆኑን የምታውቂው በዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን ጩኸት ብቻቸውን አታስጩኺያቸው። ስምንቱን መስመር አሰልፊ፣ አንቺ ከመረቡ ማዶ ሆነሽ ኳስ በእጅሽ ወርውሪ፣ ማንም አይንካው። ኳሱ ከእጅሽ ሲወጣ ሁሉም አንድ ላይ «የኔ!» ይበሉ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት። ቀጥሎ አንድ በአንድ። ያቺ ድምጿ ያልወጣላት ልጅ ተራዋ ሲደርስ የራሷን ድምጽ ሜዳው ላይ ሰምታዋለች።

እናት_ከገላን

እኔ የወላጅ ጥያቄ አለኝ። ልጄ ዘጠነኛ ናት፣ መረብ ኳስ ልጫወት ትለኛለች፣ ግን ቁመቷ አጭር ነው። ለአጭር ልጅ የሚሆን ስፖርት ነው? ደግሞ እኛ ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ገብተናል፣ ትምህርት ቤቷ ግን እዚያው መሐል ከተማ ነው። ልምምድ ስንት ሰዓት ያልቃል? ማን ያመጣልኛል ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም።

አምበል_7

እትዬ፣ የእኛ 11 ሰዓት ተኩል ያልቃል። የልጅዎ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን ጥያቄዎ ለኔም ጠቀመኝ። ከእኛም ቡድን ካዛንቺስና ፒያሳ ሲፈርስ ርቀው የሄዱ ልጆች አሉ። ሰዓቱን ንግግሩ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር፣ አሁን አስገባለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ካልኩ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ አንዲት ልጅ አውቶቡስ እያሰበች ኳስ ማየት አትችልም።

የሜዳ_መምህር

እናት፣ ስለ ቁመት አይጨነቁ። ከመረቡ በላይ ለሚመቱና ለሚከላከሉ ቁመት ይጠቅማል፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998 ወዲህ ግን ሊቤሮ የሚባል ቦታ አለ። ለብቻዋ በሌላ ቀለም ማልያ የምትለየዋ ናት፣ ሥራዋ ከኋላ ሆና መቀበልና ማዳን ነው። ልጅዎ ፈጣን እግር ካላት ያ ቦታ አለላት። ለማንኛውም በመጀመሪያው ወር ሁሉም የሚማሩት መቀበል ስለሆነ ቁመት አይጠየቅም።

ሐናን_9

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ የሌላ ትምህርት ቤት። ቡድን ልገባ ሳምንቱን ሙሉ እያሰብኩ ስለሆነ ልጻፍ።

አዲሶቹ በጣም ፈርተዋል ብለሽ ጽፈሻል፣ እኔ ግን ኳሱን አይደለም የምፈራው። የኛ ሜዳ ከወንዶች እግር ኳስ ጋር ጎን ለጎን ነው፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። ኳስ ስስት የሚያዩኝን ነው የምፈራው። «የሚስቅባችሁ ካለ መጥታችሁ ንገሩኝ» ያልሽውን ሳነብ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። መጥቼ ከነገርኩሽ ከሳሽ እባላለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ማንም አያናግረኝም። ስለዚህ አልነግርሽም።

ሌላው፣ ሂጃብ አደርጋለሁ፣ ረጅም እጅጌም እለብሳለሁ። ስለ ልብስ ምንም አላልሽም። ያልተባለ ነገር ሲሆን ሰው አይፈቀድም ብሎ ያስባል።

አምበል_7

ሐናን፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። «ንገሩኝ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ። ማየት የኔ ሥራ ነው እንጂ መክሰስ የናንተ ሥራ አይደለም። በእኛም ሜዳ በአጥሩ በኩል ከነባሮቹ ሁለታችን እንቆማለን፣ አዲሶቹ ፊታቸውን ወደ ሕንፃው አዙረው ይቀበላሉ። ለማንም ማብራሪያ ሳንሰጥ አሰላለፉን እንቀይራለን።

ሂጃብና ረጅም እጅጌ ይቻላል። አንዷ ነባር ተጫዋቻችንም ታደርጋለች፣ ጫፉን ወደ ማልያዋ ውስጥ ታስገባዋለች፣ መርፌ ቁልፍ ግን አታደርግም። እሱንም እናገራለሁ። ረጅም እጅጌ ለመቀበል እንዲያውም ይመረጣል፣ ክንድ ላይ ሲያርፍ ያበርዳል።

የድሮዋ_ሴተር

እኔ የሁላችሁንም አንብቤ ትንሽ ልቃረን። በኛ ጊዜ ሁለት ሰው መሐል ኳስ ሳይነካ ከወደቀ ሁለቱም ሜዳውን ይዞሩ ነበር፣ ሌላ ንግግር የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኛ መሐል ኳስ አይወድቅም ነበር። ልጆቹን በጣም ካባበልሻቸው ውድድር ላይ ይሰበራሉ። ተጋጣሚ አያባብልም። እንኳን ደህና መጣችሁ በይ፣ ደንቡን ንገሪ፣ አስሩጪ።

የሜዳ_መምህር

እህቴ፣ እኔም ሮጬ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ የምትይውን አውቃለሁ። ግን ሩጫው ያስተማራችሁ ምንድን ነው? ኳስ ሲወድቅ የሚቀጣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚማረው ኳሱ አጠገብ አለመገኘትን ነው። አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይነሳል፣ «የሷ ነበር» ለማለት እንዲመቸው። ይሄንን በጀማሪዎች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ምልክቱም ሰርቭ ሲመታ ተረከዝ ላይ መቆም ነው። የሚፈልግ ልጅ በእግሩ ጣት በኩል ያዘነብላል፣ የፈራ ልጅ ተረከዙ ላይ ይቀመጣል።

የድሮዋ_ሴተር

ተረከዙን ልክ ነህ። ቢሆንም ዝምታ መቀጣት አለበት ባይ ነኝ። ለሳተ ይቅር፣ ዝም ላለ ግን አይቀር።

የሜዳ_መምህር

ለነባሮቹ እስማማለሁ። ለመጀመሪያ ሳምንት ልጆች አልስማማም።

አንድ ነገር ግን ማንም ስላላነሳው ልናገር፣ ንግግሩ ውስጥ «ክንዳችሁ ያቃጥላችኋል፣ ያልፋል» የሚል አለ። ትንሽ መቅላት አዎ ያለ ነው። ግን በየትምህርት ቤቱ ልጆች ከሚገባው በላይ የሚያማቸው ኳሱ ከመጠን በላይ ስለተነፋ ነው። የመረብ ኳስ ግፊት በሕጉ ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የእግር ኳስ ከዚህ በእጥፍ ይጀምርና ከሦስት እጥፍ በላይ ይደርሳል። ዕቃ ቤት ውስጥ ያለው ፓምፕ አንድ ነው፣ የሚነፋውም ሰው ለሁለቱም እስኪደነድን ይነፋል። ያ ኳስ የጀማሪ ክንድ ላይ ሲያርፍ ልጅቱ እጇን ትሰበስባለች፣ ከዚያ ኳሱ ወደ ጎን ይፈናጠራል፣ እሷም «አልችልም» ብላ ትሄዳለች። ጥፋቱ የኳሱ ነበር።

መለኪያ ከሌለሽ በሁለት አውራ ጣትሽ ተጫኚው። ትንሽ ገባ ማለት አለበት። እንደ ድንጋይ እምቢ ካለ መርፌውን አርሰሽ አስገቢና ትንሽ አስተንፍሺው። የሚያርፍበትን ቦታም በንግግር ሳይሆን በእጅሽ አሳዪ፣ ከእጅ አንጓ ትንሽ ከፍ ያለው ለስላሳው የክንድ ክፍል ነው። አንጓው አጥንት ላይ ወይም አውራ ጣት ላይ የሚያርፍባት ልጅ ያማታል፣ ሰዓትና አምባርም ይውለቅ። መቅላቱ ማታ ይጠፋል። አጥንቱ ላይ ያበጠና በማግስቱም ሲነኩት የሚያም ከሆነ ግን «ያልፋል» አትበያት፣ ታርፍ።

ናቲ_ካዛንቺስ

መምህር፣ ስለ ዳኛው ያልከውን ተቀብያለሁ። ስለ ኳሱ ግን፣ የላላ ኳስ ሰርቭ ላይ አይሄድም እኮ። እኛ ጠንካራ ኳስ ነው የምንወደው።

የሜዳ_መምህር

የላላ አላልኩም፣ በሕጉ የተነፋ ነው ያልኩት። በዚያ ግፊት የዓለም ውድድር ይካሄዳል፣ ሰርቭም ይሄዳል።

አምበል_7

ሁሉንም አንብቤ እንደገና ጻፍኩት። ከልቤ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ የምለው ይሄ ነው፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። 10 ሰዓት ጀመርን፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጨርሳለን፣ ርቆ የሚሄድ ሰው አውቶቡሱ አያመልጠውም። ሂጃብ ያደረገ፣ ረጅም እጅጌ የለበሰ፣ እንዲሁ ይግባ። ሰዓት፣ አምባርና መርፌ ቁልፍ ብቻ አውልቁ።

ይሄ ቁጥሬ ሥር ያለው መስመር የአምበል ምልክት ነው። ዳኛ ቢሳሳት እኔ እናገራለሁ፣ የውጤት ወረቀቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። እናንተ ኳሱን ብቻ እዩ። ኳስ ሲወድቅ የሚስቅ ሰው ካለም እኔ አየዋለሁ፣ እናንተ ምንም አትሉም።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ እንማራለን። ኳሱ መረቡን ሳያልፍ ‹የኔ!› ማለት። ዓምና የተሸነፍነው ኳስ መምታት ስላቃተን አይደለም፣ ሁለት ሆነን ዝም ስላልን ነው። ስለዚህ ‹የኔ› ብላ የሳተች ልጅ ዛሬ ሥራዋን ሠርታለች። መጀመሪያ ሁላችንም አንድ ላይ እንላለን፣ ነባሮቹም ጭምር። ኑ፣ ተሰለፉ።»

ስናገረው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። እየቆጠርኩ ለእህቴ አነበብኩላት።

ሐናን_9

«እኔ አየዋለሁ፣ እናንተ ምንም አትሉም» የሚለው ጥሩ ሆኗል። እንዲህ ቢባል እኔ ሐሙስም እመጣለሁ።

እናት_ከገላን

ልጄን አስመዘገብኳት። የሷ ትምህርት ቤት አምበል ግን እንዳንቺ ሰዓቱን ስላልተናገረች ራሴ ሄጄ ጠየቅሁ።

የድሮዋ_ሴተር

ንግግሩ አሁን ጥሩ ነው። የሩጫውን ነገር ግን ጥቅምት ሲያልቅ ተመልሰሽ ንገሪኝ።

አምበል_7

ማክሰኞ አለፈ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከልምምድ በፊት ዕቃ ቤት ገብቼ ኳሶቹን በአውራ ጣት ተጫንኳቸው፤ ሁለቱ ጭራሽ አልገቡም። መምህሬን አስፈቅጄ አስተነፈስኳቸው። ንግግሩን ስናገር ደህና ነበር፣ አንድ ላይ «የኔ» ስንል ግን መጀመሪያ የተሰማው የነባሮቹ ድምጽ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ውርወራ የነሱም ተሰማ። ስሟን መናገር ያቃታት ልጅ ብቻዋን ስትደርስ ኳሱ መረቡን ካለፈ በኋላ ነው ያለችው፣ ግን አለችው። ኳሱን ስታው ወደቀ፣ ነባሮቹ አጨበጨቡ፣ እሷ ደግሞ ወደ መስመሩ ተመልሳ ከሁሉም ቀድማ ለሚቀጥለው ዝግጁ ሆነች።

አዲስ ችግር ግን መጣ። ሦስት ሦስት አድርገን ለመቀበል ስናቆማቸው፣ ኳሱ በግራዋና በመሐለኛዋ ልጅ መካከል ሲመጣ ሁለቱም «የኔ!» አሉ። ሁለቱም በጊዜው ነው ያሉት። ሊጋጩ ሲሉ ሁለቱም ቆሙ፣ ኳሱ ወደቀ። ይሄ ደጋግሞ ሆነ። ዝምታን ፈትቼ ይሄንን አመጣሁ፣ አሁን ምን ልበላቸው?

የሜዳ_መምህር

ይሄ ጥሩ ችግር ነው፣ ሁለት ልጆች ኳሱን ፈልገዋል ማለት ነው። ሁለቱም ይሂዱ፣ ማንም አይቁም፣ ግን መንገዳቸው ይለያይ። አንዷ ከፊት ትግባ፣ ሌላዋ ከኋላዋ ትለፍ። ከፊት የገባችው ካልደረሰችበት ከኋላ ያለፈችው ታነሳዋለች። በእኛ ቡድን መሐለኛዋ ከፊት፣ የዳሯ ከኋላ ነው። ሰርቭ ከመመታቱ በፊት በጣት እየተጠቋቆሙ ይስማሙ። መጀመሪያ ኳስ ሳይኖር በእርምጃ አስኪጂያቸው፣ ካልሆነ ይጋጫሉ።

የድሮዋ_ሴተር

ለጀማሪ ይሄ ይከብዳል፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማን ከፊት ማን ከኋላ ብላ አታስብም። እኛ አንድ ደንብ ብቻ ነበረን፣ ከመቺዋ የራቀችው ልጅ ትወስዳለች፣ ምክንያቱም ኳሱ ወደ ፊቷ ነው የሚመጣው፣ የቅርቧ ግን ወደ ጎን መዞር አለባት። መቺዋ የት እንደቆመች አይቶ መወሰን ቀላል ነው።

የሜዳ_መምህር

ረጅምና ጠፍጣፋ ሰርቭ ላይ የአንቺ ይሻላል። ወደ መረቡ ቀርቦ የሚወድቅ አጭር ሰርቭ ላይ ግን የራቀችው አትደርስም፣ ጀማሪዎች ደግሞ የሚመቱት በአብዛኛው አጭሩን ነው።

አምበል_7

ሐሙስ በሁለቱም እሞክራለሁ። መጀመሪያ የመምህርን በእርምጃ፣ ከዚያ የሴተሯን ሰርቭ እየመታሁ ከሁለቱም መስመር ጫፍ። ስምንቱም እንደሚመጡ መልእክት ልከውልኛል፣ አንዷ ብቻ ፈተና ስላለባት አርፍዳ ትገባለች።